ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት፦ የዋንጫ ጨዋታ የሬዲዮ መግቢያ አጻጻፍ

የመጀመሪያ የዋንጫ ጨዋታዬን በሬዲዮ ሳስተላልፍ መግቢያዬ አራት ገጽ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጀምሬ፣ ከሰማይ ስለታየው ብርሃን አውርቼ፣ ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ልገባ ስል ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አረፍተ ነገሬን ልጨርስ ብዬ ቀጠልኩ። ቀና ስል ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች።

ማታ አክስቴ ከእነዋሪ ደወለች። ሙሉውን ሰምታለች። «ልጄ፣ ጎል መግባቱንስ ሰማሁ» አለችኝ። «ግን ቀዮቹ ወዴት በኩል ነበር የሚያገቡት?»

ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስትሰማ ይህን አላወቀችም። እኔ ነኝ ያልነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መግቢያ ስጽፍ የምሠራው ከዚህ በታች እንዳለው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የዞን ዋንጫ ፍጻሜ እንያዝ። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ እሁድ፣ ጨዋታው 9 ሰዓት ላይ ይጀመራል። የሚጋጠሙት አንድ የመንዝ ቡድንና አንድ የሸዋ ሮቢት ቡድን ናቸው እንበል።

1. መጀመሪያ ደቂቃውን ቁጠር

ከስቱዲዮ መስመር የምትረከበው ለዘጠኝ ስምንት ጉዳይ ላይ ከሆነ ስምንት ደቂቃ አለህ ማለት ነው። ስምንቱንም ግን አትጽፍም። ቡድኖቹ ሲገቡ፣ መዝሙር ሲዘመር፣ እንግዶች ሲጨባበጡ በዓይንህ ያየኸውን ነው የምትናገረው። በጽሑፍ የሚያዘው ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው።

አራት ደቂቃ ስንት ቃል ነው? የራስህን ንባብ ለካ። አንድ ገጽ በስርጭት ድምፅ፣ ጮክ ብለህ፣ ስልክህ ላይ ሰዓት ይዘህ አንብብ። እኔ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል አነባለሁ። ከዚህ በላይ ስሄድ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጽሑፌ ከ400 ቃል አያልፍም።

400ውን ቃል በአንድ ወረቀት ላይ አትጻፈው። በአራት ጠንካራ ካርድ ላይ ከፋፍለው። አንደኛው ሜዳው፣ ሁለተኛው ቡድኖቹ፣ ሦስተኛው ምን ለማግኘት እንደሚጫወቱ፣ አራተኛው የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ሰከንዶች። የመከፋፈሉ ምክንያት አንድ ነው። ፊሽካው አንተን አይጠብቅም። ሦስተኛውን ካርድ ሳታነብ ጨዋታው ሊጀመር ይችላል። ያኔ ካርዱን አስቀምጠህ ወደ አራተኛው ትዘላለህ፤ ምንም የጎደለ አይመስልም። ሦስተኛው ላይ ያለው ነገር ኳስ ወደ ውጭ በወጣች ቁጥር በትንሽ በትንሹ ሊነገር ይችላል።

አራተኛው ካርድ ግን አይነካም። መቼም ቢሆን ይነበባል።

2. ቀድመህ ሜዳው ላይ ሂድ

ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ። የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ የምትቀመጥበት ቦታ፣ ነፋሱና መሬቱ።

የምትቀመጠው መሀል መስመሩ ትይዩ፣ ፀሐይ ከጀርባህ ሆና ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ ስለሆነች ፊትህ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ የተቀመጠ አስተላላፊ 10 ሰዓት ላይ የማሊያ ቁጥር ማንበብ ያቅተዋል። ነጩም ቀዩም ጥላ ብቻ ሆኖ ይታየዋል።

እንዲህ ስትቀመጥ፣ ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ፣ በግራህ ያለው ጎል በደሴ መንገድ በኩል፣ በቀኝህ ያለው በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ይውላል። ይህን ያዘው። የሰሜን ሸዋ አድማጭ «የደሴ በኩል ጎል» ስትለው ወዲያው ይገባዋል። መንገዱን ተሳፍሮበት ያውቀዋልና። ለሩቁ አድማጭ ደግሞ የቆየው የሬዲዮ ዘዴ አለ፤ «በሬዲዮናችሁ በስተግራ፣ በሬዲዮናችሁ በስተቀኝ» ማለት። ሁለቱን አንዴ አስተሳስርና ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝን ብቻ ተጠቀም።

ነፋሱን ከማዕዘን ባንዲራዎቹ አንብብ። ባንዲራ ከሌለ ትንሽ አፈር ዘግነህ ከፍ አድርገህ በትን። በጥር ደብረ ብርሃን ላይ ከሰዓት ነፋስ አይጠፋም። ሜዳውን ቁመቱን ተከትሎ የሚነፍስ ነፋስ ጨዋታውን ይለውጣል። ከጎን የሚመጣው ያን ያህል አይለውጥም፤ የማዕዘን ምት ላይ ግን ይታያል።

መሬቱን በእግርህ ርገጠው። ሣሩ መሀል ላይ አልቆ እንደሆነ፣ ኳስ ብታነጥር ስንት ከፍታ እንደምትነሳ እይ። ደረቅና ጠንካራ ሜዳ ላይ ኳስ ስለምትነጥር ተከላካይ በደረቱ ማብረድ ይከብደዋል። ይህን ካወቅህ በአምስተኛው ደቂቃ ኳስ በተከላካዩ አናት ላይ ስታልፍ ምክንያቱን ትናገራለህ።

የመጀመሪያው ካርድ እንግዲህ እንዲህ ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ደብረ ብርሃን ነን። ለዘጠኝ ስምንት ጉዳይ ነው። ሬዲዮናችሁን ፊት ለፊታችሁ አድርጉት። በስተግራ ያለው ጎል የደሴ በኩል ነው። በስተቀኝ ያለው የአዲስ አበባ በኩል። እኔ መሀል መስመሩ ትይዩ ተቀምጫለሁ። ፀሐይ ከጀርባዬ ናት። ሜዳው ደረቅ ነው። ሣሩ ሁለቱ ክንፎች ላይ አለ፤ መሀሉ አፈር ነው። ነፋሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይነፍሳል። አራቱም የማዕዘን ባንዲራዎች ወደ አዲስ አበባ በኩል ተዘርግተዋል።»

ይኸው ነው። ስድሳ ቃል እንኳ አይሞላም፤ ቀስ ተብሎ ቢነበብ ከአርባ ሰከንድ አያልፍም። «ከተማችን ደምቃለች፣ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቷል» የሚል የለበትም። ያ አረፍተ ነገር ለየትኛውም ከተማ፣ ለየትኛውም በዓል ይሆናል። አድማጩ ከእሱ ምንም አያይም። የተዘረጋውን ባንዲራ ግን ያየዋል።

3. ቡድኖቹን በቀለማቸውና በመጡበት መንገድ አስተዋውቅ

ቀለም ይቅደም። ማሊያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲ። በረኞቹ የተለየ ስለሚለብሱ እነሱንም ለይ። ቀለሙን ከቡድን መሪው አስቀድመህ ጠይቅ፤ ነገር ግን ቡድኖቹ ሜዳ እስኪገቡ በእርሳስ ጻፈው። ሁለቱም ነጭ ይዘው መጥተው አንዱ በመጨረሻ ሰዓት ማሊያ ሲቀይር አይቻለሁ።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ አንድ ወጥመድ አለው። የመንዝ ጌራ ከተማ ስሙ መሐል ሜዳ ነው። በወረቀት ላይ ችግር የለውም። በሬዲዮ ግን «ከመሐል ሜዳ የመጣው አጥቂ» ስትል አድማጩ ኳሷን ከሜዳው መሀል ይዞ እየገሰገሰ ያለ ተጫዋች ነው የሚያየው። ስለዚህ መግቢያው ላይ ከተማዋን አንዴ ከነወረዳዋ ጥራትና ከዚያ በኋላ «መንዞች» በል። የሜዳውን ክፍል ደግሞ «መሀል መስመር» ወይም «መሀል ክበብ» በለው።

መንገዱን የምጠራው ለጌጥ አይደለም። ደጋና ቆላ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ይገባሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት የዚህን እኩሌታ እንኳ አትሞላም። መንዝ ደግሞ ከደብረ ብርሃንም ይብስ ከፍ ይላል። አየሩ ሲሳሳ ከቆላ የመጣ ተጫዋች አንዴ ከሮጠ በኋላ ትንፋሹን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ኳሷም በስስ አየር ውስጥ የሚይዛት ስለሚያንስ ከሩቅ ስትመታ ከለመዱት በላይ ትሄዳለች። የቆላው በረኛ ይህን ካልለመደ ከሩቅ በሚመታ ኳስ ይቸገራል።

ታዲያ «ሸዋ ሮቢቶች ይደክማሉ» ብለህ አትተንብይ። አታውቅም። ከሳምንት በፊት መጥተው ተለማምደው ሊሆን ይችላል። አሰልጣኛቸውን መቼ እንደደረሱ ጠይቅና እሱን ንገር። ከዚያ ለራስህ ካርዱ ጥግ ላይ «60ኛው ደቂቃ» ብለህ ጻፍ። ስትደርስ ጨዋታው በቆመ ቁጥር እጁን ጉልበቱ ላይ የሚደግፈው ስንት እንደሆነ ትቆጥራለህ። መግቢያው ላይ የተናገርከው ነገር ያኔ መልስ ያገኛል።

ሁለተኛው ካርድ፦

«ነጭ በነጭ የለበሱት መንዞች ናቸው። ከመንዝ ጌራ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው የመጡት። በሞላሌ፣ በጣርማበር አድርገው። ብርዱ ለእነሱ የቤታቸው ነው። ቀይ ማሊያ በጥቁር ቁምጣ የለበሱት ሸዋ ሮቢቶች ናቸው። ከቆላው ተነሱ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ወጡ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ገቡ። የደረሱት ትናንት ማታ ነው። አሁን አጠገቤ ያሉት ሦስቱ ተቀያሪዎቻቸው አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ተቀምጠዋል። ዳር ያለው ልጅ ጫፉ አልደረሰውም፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቷል።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት አረፍተ ነገሮች ቤት ተቀምጠህ አይጻፉም። ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ባዶ ተውላቸው። ሜዳ ከደረስክ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ፈልግ፤ አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ አንድ ልብስ። ሁለት ስታደርገው አድማጩ አንዱንም አይዝም። ያየኸው ከሌለ ደግሞ ባዶውን ዝለለው። ያላየኸውን ብርድ ልብስ አትፍጠር፤ ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ይዞ አንተኑ እየሰማ ነው።

4. ስሞቹን አጥብቅና አላላ

አሰላለፍ ከበረኛ ወደ አጥቂ ነው የሚነበበው። በመስመር በመስመር፣ መሀላቸው ትንፋሽ እየወሰድክ። ቁጥር ለሁሉም አትጥራ። ለአምበሉ፣ ለበረኛውና ብዙ ጎል ላገባው በቂ ነው። የሌሎቹን ቁጥር ኳስ ሲነኩ ትናገራለህ። ሃያ ሁለት ስም ከሃያ ሁለት ቁጥር ጋር በተከታታይ ሲነበብ የሚሰማ ጆሮ የለም።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለውን በዓሉም እንደሆነ ጊዜውም እንደሆነ የምናውቀው ከዙሪያው ቃል ነው። የሰው ስም ግን ዙሪያ የለውም። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ይዘህ ወደ አሰልጣኙ ሂድና እሱ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብልህ። የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አድርግ። ሁለት ተጫዋች አንድ ስም ካላቸው አንደኛውን በአባቱ ስም ጨምረህ ጥራ፤ ይህንንም መግቢያው ላይ ንገር። ልጁ ስሙ ተበላሽቶ ሲጠራ እናቱ ቤት ሆና ትሰማለች።

5. ግስህን ቶሎ አምጣ

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያይ ይችላል። አድማጭ አይችልም። እንዲህ የሚል መግቢያ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፦

«በግማሽ ፍጻሜው ተጋጣሚውን በመለያ ምት አሸንፎ ለዛሬው ታላቅ ጨዋታ የደረሰው፣ በውድድሩ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው፣ በደጋፊዎቹ ታጅቦ ትናንት ከተማችን የገባው የመንዝ ቡድን ነጭ ማሊያ ለብሷል።»

አድማጩ ስለማን እንደሚወራ ያወቀው መጨረሻው ላይ ነው። እስከዚያ የሰማው ሁሉ የሚቀመጥበት አጥቶ ወድቋል። ፈታ አድርገው፦

«መንዞች ነጭ ለብሰዋል። በዚህ ውድድር አልተሸነፉም። ግማሽ ፍጻሜውን ያለፉት በመለያ ምት ነው።»

ጽሑፍህን ስትጨርስ ጮክ ብለህ አንብብና ግሱ ላይ ከመድረስህ በፊት ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። እዚያው ቁረጠው።

6. እኩል ቢያልቅ ምን ይሆናል?

ሦስተኛው ካርድ አጭር ነው። ለምን እንደሚጫወቱ፣ እኩል ቢወጡ ምን እንደሚሆን ይናገራል። የተለመደው ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት፣ ከዚያ መለያ ምት ነው። የአካባቢ ውድድር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓቱ ይቀርና በቀጥታ መለያ ምት ይሆናል። በልማድ አትናገር፤ የውድድሩን ደንብ ከአዘጋጆቹ ጠይቀህ እይ።

የብርሃኑንም ነገር አስብበት። 9 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ መደበኛው ክፍል የሚያልቀው 10 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው። ተጨማሪ ሰዓት ካለ 11 ተኩል ይጠጋል። መለያ ምት ሲጨመር 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይሆናል። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። እንግዲህ እንግዶች ዘግይተው ጨዋታው በአንድ ሰዓት ቢገፋ፣ መብራት በሌለው ሜዳ ላይ የመለያ ምቱ በጨለማ ሊሆን ነው። ይህ ለአድማጭ የሚነገር ነገር ነው። ጅማሬው መዘግየቱን ካየህ ሦስተኛው ካርድ ላይ ጨምረው።

ለመዘግየቱም ተዘጋጅ። ሁለቱ ቡድኖች ለፍጻሜ እንዴት እንደደረሱ የሚናገሩ ሁለት ትርፍ ካርዶች፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ደቂቃ፣ ኪስህ ውስጥ ይኑሩ። የከተማው ታሪክም ቦታው እዚህ ነው። ዘርዓ ያዕቆብን መተው የለብህም፤ እንግዶቹ እየተጨባበጡ ሳለ ሁለት አረፍተ ነገር በቂው ነው።

7. አራተኛው ካርድ

ይህን ካርድ በሁለት ቅጂ ጻፈው። ማን ወዴት እንደሚያጠቃ የሚታወቀው ሳንቲም ከተጣለ በኋላ ነውና። ዕጣው የደረሰው አምበል ወይ በመጀመሪያው አጋማሽ የሚያጠቃበትን ጎል ይመርጣል፣ ወይ ኳስ መጀመርን ይመርጣል። ቡድኑ ያሟሟቀበት በኩል እንዳያታልልህ። አንዱ ቅጂ ላይ መንዞች ወደ ቀኝ፣ ሌላው ላይ ወደ ግራ ይሁኑ። ሳንቲሙ እንደወደቀ፣ አምበሎቹ የጠቆሙትን ጎል አይተህ፣ የማይሆነውን ቅጂ ቅደድ። ዝም ብለህ አታስቀምጠው። በጥድፊያ ሰዓት እጅ የተሳሳተውን ያነሳል።

በምሳሌአችን ዕጣው ለሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ አምበሉም ነፋሱን መረጠ እንበል። ካርዱ ይህ ነው፦

«ሸዋ ሮቢቶች፣ ቀዮቹ፣ በሬዲዮናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ያጠቃሉ። ነፋሱ ከጀርባቸው ነው። መንዞች፣ ነጮቹ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ኳስ የሚጀምሩት መንዞች ናቸው። ባዶ ለባዶ ነን። ኳሷ መሀል ላይ ናት። ዘጠኝ ቁጥሩ እግሩን ጭኖባታል።»

ከዚያ ዝም በል። ፊሽካው ራሱ ይሰማ።

መቼ ነው ይህን ካርድ የምታነሳው? ዳኛውን እይ። መሀል ክበቡ ውስጥ ቆመው ወደ ሁለቱ በረኞች እጃቸውን ካነሱ፣ ወደ ረዳቶቻቸው ካዩ፣ ከዚያ ሰዓታቸውን ከነኩ፣ የምታነበው የትኛውም ካርድ ቢሆን ግማሽ ላይ ተወው። እኔ የማነበውን አረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዬ ነው ያንን ጎል ያጣሁት። ከባልደረባ ጋር የምትሠራ ከሆነ ዳኛውን እሱ ይይ፤ ሰዓቱ ሲነካ ክንድህን ይንካህ።

8. ከመሄድህ በፊት ለሰው አንብብ

እኔ ዋዜማውን ለአክስቴ እደውልና አነብላታለሁ። ወጥ እየሠራች፣ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፋ ነው የምትሰማኝ። እሱም ጥሩ ነው፤ የሬዲዮ አድማጭ ሁሉ ሌላ ሥራ ይዞ ነው የሚሰማው። ስጨርስ ሦስት ጥያቄ እጠይቃታለሁ፦ ነጩ የማን ነው? ወደ ቀኝ የሚያገባው ማነው? ነፋሱ ማንን ይረዳል? አንዱን ከሳተች ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ ያንን ካርድ እንደገና እጽፋለሁ። ለሚሰማህ ሰው መልሱን አትጠቁም፣ አታስረዳም። ነገ ሬዲዮ ውስጥ ሆነህ ማስረዳት አትችልም።

ካርዶቹን ሜዳ ላይ ስትይዝ ነፋሱን አስብ። በጠጠር ወይም በመቆንጠጫ ያዛቸው። ማይኩ ላይ ስፖንጁን አትርሳ፤ ከአፍህም አራት ጣት ያህል አርቀው። ያለ ስፖንጅ ነፋሱ «ፕ» እና «ጵ»ን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቃል ይበላል።

ጨዋታው ሲጀመር ሌሎቹን ካርዶች ገልብጣቸው። አራተኛው ግን ፊትህ ይቆይ። ዘግይቶ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ በየአምስት ደቂቃው ውጤቱንና አቅጣጫውን በአንድ አረፍተ ነገር ድገምለት። በእረፍት ሰዓት ደግሞ በዚያው ካርድ ጀርባ ላይ አቅጣጫውን ገልብጠህ ጻፍ። ቡድኖቹ ጎል ይቀያየራሉ፤ ነፋሱ ግን እዚያው ነው። ከእረፍት መልስ የመጀመሪያው አረፍተ ነገርህ «አሁን ቀዮቹ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው» ይሁን።